በ6 እና በ10 ኪሎ 14 ኪሎ መመዘን

ሁለት ሳህን ያለው ሚዛን አለ እንበል። መመዘኛ ብረቶቹ ባለ 6 ኪሎና ባለ 10 ኪሎ ብቻ ናቸው፤ ብዛታቸው ግን እንደ ልብ ነው። በእነዚህ 14 ኪሎ ጤፍ መመዘን ይቻላል? ጥያቄው በሒሳብ ሲጻፍ 6x + 10y = 14 ይሆናል። x የባለ 6ቱ፣ y ደግሞ የባለ 10ሩ ብረቶች ብዛት ነው። ብረት ተቆርሶ ስለማይቀመጥ መልሱ ክፍልፋይ ሊኖረው አይችልም። አሉታዊ ቁጥር ግን ትርጉም አለው፤ ብረቱ ከጤፉ ጋር በአንድ ሳህን ተቀመጠ ማለት ነው።

መጀመሪያ መልስ መኖሩን እናጣራ። የ6 እና የ10 ትልቁ የጋራ አካፋይ 2 ነው። ብረቶቹን እንዴትም ብንደምርና ብንቀንስ ውጤቱ ምንጊዜም ለ2 ይካፈላል። ስለዚህ 15 ኪሎ በእነዚህ ብረቶች ፈጽሞ አይመዘንም። 14 ግን ለ2 ስለሚካፈል መልስ አለው። ሁሉንም ለ2 ስናካፍል 3x + 5y = 7 እናገኛለን፤ መልሶቹ ያው ናቸው፣ ቁጥሮቹ ግን ቀለሉ።

ቀጥሎ አንድ መልስ እንፈልግ። ቁጥሮቹ ትንንሽ ስለሆኑ በሙከራ ይገኛል፦ y = 2 ብንል 5y 10 ይሆናል፤ 7 ለመድረስ 3 መቀነስ አለበት፤ ስለዚህ x = −1። በሚዛኑ ላይ ሁለት ባለ 10 ብረቶች በአንድ ወገን፣ ጤፉና አንድ ባለ 6 ብረት በሌላው ወገን ይቀመጣሉ፤ 20 ከ20 ጋር እኩል ይሆናል።

ቁጥሮቹ ሲተልቁ ሙከራ ያደክማል። ያኔ የሚያገለግለው ዩክሊድ ትልቁን የጋራ አካፋይ ለማግኘት የጻፈው መንገድ ነው፦ ትልቁን ለትንሹ ማካፈል፣ ከዚያ ትንሹን ለቀሪው፣ እንዲህ እያሉ መቀጠል። 10 ለ6 ሲካፈል 4 ይቀራል፤ 6 ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ 4 ለ2 ሲካፈል ምንም አይቀርም። አሁን ወደ ኋላ እንመለስ። 2 ማለት 6 − 4 ነው፤ 4 ደግሞ 10 − 6 ስለሆነ 2 = 2·6 − 10 ይሆናል። ሁሉንም በ7 ስናባዛ 14 = 14·6 − 7·10 እናገኛለን፤ x = 14፣ y = −7። የህንዱ የሥነ ፈለክ ሊቅ አርያብሃታም እ.ኤ.አ. በ499 በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄዎች ተከታታይ ማካፈልን የሚጠቀም ስልት አስቀምጧል።

ሁለት መልስ አገኘን፤ ሁሉንስ እንዴት እናገኛለን? ሁለቱም መልሶች 3x + 5y 7 እንዲሆን ስለሚያደርጉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስንሄድ 3x የጨመረውን ያህል 5y መቀነስ አለበት። እንግዲያው የ3x ጭማሪ ለ5 የሚካፈል ነው። 3 እና 5 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ለ5 መካፈል ያለበት ራሱ የx ጭማሪ ነው። x በ5 ከፍ ሲል y በ3 ዝቅ ይላል፤ ከዚህ ያነሰ እርምጃ የለም። ስለዚህ መልሶቹ በሙሉ

x = −1 + 5t፣ y = 2 − 3t

ናቸው፤ t ማንኛውም ድፍን ቁጥር ነው። t = 0 የመጀመሪያውን፣ t = 3 ደግሞ (14, −7)ን ይሰጣል።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለ2 ማካፈሉን ይረሳና x በ10፣ y በ6 እንዲራመዱ ያደርጋል። የሚያገኛቸው መልሶች ሁሉ ትክክል ስለሆኑ መልሶ በማስላት ብቻ ስሕተቱ አይያዝም፤ የጎደለው ግን ግማሹ ነው። x ከ−1 ወደ 9 ሲዘል x = 4፣ y = −1 ይቀርበታል፤ 24 − 10 ደግሞ በትክክል 14 ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የሁለቱ እርምጃዎች ቁጥሮች ገና የጋራ አካፋይ ካላቸው መልስ ተዘሏል።

ብረቶቹን ሁሉ በአንድ ሳህን፣ ጤፉን ብቻውን በሌላው ለማድረግ ብንፈልግስ? ያኔ xም yም ከዜሮ ማነስ የለባቸውም። x እንዳያንስ t ቢያንስ 1 መሆን አለበት፤ y እንዳያንስ ደግሞ t ከ0 መብለጥ የለበትም። ሁለቱ አብረው ስለማይሄዱ 14 ኪሎ በዚህ መንገድ አይመዘንም። 16 ግን 6 + 10፣ 18 ሦስት ባለ 6፣ 20 ሁለት ባለ 10 ነው፤ በእነዚህ ላይ አንድ አንድ ባለ 6 እየጨመርን ከዚያ በላይ ያለውን ጥንድ ቁጥር ሁሉ እንደርስበታለን። ከጤፉ ጋር ብረት ማስቀመጥ ግድ የሚልበት የመጨረሻው ጥንድ ክብደት 14 ኪሎ ነው።