አምስት ቀዳዳ፣ አንድ ክብ፦ የቸርኬ ቀዳዳዎች ቦታ እንዴት ይሰላል?

የቶዮታ ራቭ ፎር ጎማ አጠገብ ቆማችሁ ብታዩ፣ ቸርኬውን ከመኪናው ጋር አጥብቀው የያዙት አምስት ዳዶዎች ናቸው። አምስቱም ከመሃሉ እኩል ይርቃሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም እኩል ነው። እስኪ አሁን አንድ ሥራ እንስጣችሁ። አንድ ጎሚስታ "ይሄ ቸርኬ ለዚህ መኪና ይሆናል ወይስ አይሆንም?" የሚለውን ቶሎ ለመለየት፣ አምስት ቀዳዳ ያለው የላሜራ መለኪያ እንድትሠሩለት ጠየቃችሁ እንበል። የሰጣችሁ መረጃ ደግሞ ይህች ብቻ ናት፦ 5×114.3። ቀዳዳዎቹን የት የት ትበሳላችሁ?

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የመጀመሪያው ቁጥር የቀዳዳዎቹ ብዛት ነው። ሁለተኛው በሚሊ ሜትር የተጻፈ ዲያሜትር ነው። ግን የምን ዲያሜትር? የቸርኬው አይደለም፣ የአንዱ ቀዳዳም አይደለም። በአምስቱም ቀዳዳዎች መሃል ለመሃል የሚያልፍ አንድ ክብ በሐሳባችሁ ሳሉ። ይህ ክብ ብረቱ ላይ የለም፤ ማንም አልቀረጸውም። ቀዳዳዎቹ ግን በሙሉ የተደረደሩት እሱ ላይ ነው። የ114.3 ባለቤት እሱ ነው። ቁጥሩ ለምን እንዲህ ጎደሎ ሆነ ብትሉ፣ መጀመሪያ በኢንች ስለተለካ ነው። 4.5 ኢንች በ25.4 ሲባዛ ልክ 114.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

"ታዲያ ማስመሪያ አምጥቼ 114.3 ለክቼ ምልክት አደርጋለሁ" ልትሉ ትችላላችሁ። እዚህ ላይ አምስት ቁጥር ያስቸግራል። ቀዳዳዎቹ አራት ወይም ስድስት ቢሆኑ እያንዳንዱ ቀዳዳ ፊት ለፊቱ ጓደኛ አለው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ዲያሜትሩ ነው። አምስት ሲሆኑ ግን ከአንዱ ቀዳዳ ትይዩ ያለው ባዶ ብረት ነው።

በኮምፓስ እየረገጡ መሄድስ?

ሌላ ሐሳብ አለ። ክቡን በኮምፓስ መሳል፣ ከዚያ የኮምፓሱን እግሮች በሁለት ጎረቤት ቀዳዳዎች ርቀት ልክ ከፍቶ ክቡ ላይ አምስት ጊዜ እየረገጡ መዞር። ይሠራል፤ ግን ችግር አለው። ኮምፓሱ በ0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ በዝቶ ቢከፈት፣ ሁለተኛው ምልክት ትንሽ ያልፋል፣ ሦስተኛው የሁለተኛውን ስህተት ተሸክሞ የራሱን ይጨምርበታል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አምስተኛውን እርምጃ ጨርሳችሁ ወደ መነሻችሁ ስትመለሱ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል አልፋችሁት ታገኙታላችሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ እያንዳንዱ ቀዳዳ የሚለካው ከጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱ ከተሳሳተ እሱም ይሳሳታል።

መፍትሔው ሁሉንም ቀዳዳ ከአንድ ቦታ፣ ማለትም ከክቡ ማዕከል መለካት ነው። ያኔ የአንዱ ስህተት ወደ ሌላው አይተላለፍም። ይህ ደግሞ ለማሽንም ይመቻል። የሚሊንግ ማሽን ጠረጴዛ የሚያውቀው ሁለት አቅጣጫ ነው፦ ቀኝና ግራ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ቁጥር እንፈልጋለን። ከማዕከሉ ወደ ቀኝ ስንት (X)፣ ወደ ላይ ስንት (Y)። ወደ ግራና ወደ ታች ሲሆን የመቀነስ ምልክት ይቀድመዋል።

ስሌቱ

መጀመሪያ ዲያሜትሩን ለሁለት አካፍሉት። 114.3 ÷ 2 = 57.15። ይህ ራዲየሱ ነው፤ R እንበለው።

ቀጥሎ አንድ ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ስለሆነ ለአምስት አካፍሉት፣ 72 ዲግሪ። ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ቀጣዩ ለመድረስ በማዕከሉ ዙሪያ የምንዞረው ይህን ያህል ነው።

ከዚያ መነሻ እንምረጥ። ማዕዘን የሚቆጠረው ከቀኝ ተነስቶ በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ማለት 90 ዲግሪ ነው። የመጀመሪያውን ቀዳዳ እዚያ ላይ እናድርገው። በ72 እየጨመርን ስንሄድ 90፣ 162፣ 234፣ 306 እና 378 እናገኛለን። 378 ከአንድ ዙር በ18 ስላለፈ 18 ዲግሪ ማለት ነው።

አሁን ማዕከሉ ላይ ቁሙና ወደ አንድ ቀዳዳ ተመልከቱ። ቀዳዳው ጋ ለመድረስ በአቋራጭ R ያህል መሄድ ትችላላችሁ። ወይም መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ትሄዳላችሁ። ሦስቱ መንገዶች ተገናኝተው አንደኛው ማዕዘኑ 90 ዲግሪ የሆነ ጎነ ሦስት ይሠራሉ። ኮሳይን የሚነግረን ከ R ውስጥ ምን ያህሉ የጎን ጉዞ እንደሆነ ነው፤ ሳይን ደግሞ ምን ያህሉ የላይ ጉዞ እንደሆነ። በቃ፣ ቀመሩ ይኸው ነው፦

```
X = R × cos(A)
Y = R × sin(A)
```

A የቀዳዳው ማዕዘን ነው። በካልኩሌተር ስንሠራው ይህን እናገኛለን፦

```
ቀዳዳ   A      X         Y
1      90°    0.000     57.150
2      162°  -54.353    17.660
3      234°  -33.592   -46.235
4      306°   33.592   -46.235
5      18°    54.353    17.660
```

ቀዳዳ 2 እና 5ን አስተያዩዋቸው። Y አንድ ነው፣ X ደግሞ በምልክት ብቻ ይለያያል። 3 እና 4ም እንዲሁ። አንዱን ቀዳዳ ከላይ ስላደረግነው ግራና ቀኙ እንደ መስታወት ተመሳሰለ። ከ90 ይልቅ በሌላ ማዕዘን ብንጀምር ቁጥሮቹ ይለወጣሉ እንጂ የቀዳዳዎቹ አደራደር አይለወጥም፤ ሙሉው ነገር ዞረ ማለት ብቻ ነው።

ብረቱን ከመብሳት በፊት

የተበሳ ቀዳዳ አይደፈንም፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን እንፈትሽ። አንደኛው ፍተሻ ቀላል ነው። አምስቱን X ደምሩ፣ አምስቱንም Y ደምሩ። ሁለቱም ዜሮ መምጣት አለባቸው፣ ምክንያቱም ቀዳዳዎቹ በማዕከሉ ዙሪያ ሚዛናቸውን ጠብቀው ነው የተቀመጡት። የእኛ Y ሲደመር 57.150 + 17.660 + 17.660 − 46.235 − 46.235 = 0 ነው። አንድ የመቀነስ ምልክት ብትረሱ ይህ ፍተሻ ወዲያው ያጋልጣችኋል።

ግን ሁሉንም አይይዝም። ዲያሜትሩን ለሁለት ማካፈል ረስታችሁ 114.3ን እንደ R ብትጠቀሙስ? ቀዳዳዎቹ እጥፍ ርቀው ይወጣሉ፣ ድምሩ ግን አሁንም ዜሮ ነው! ለዚህ ሁለተኛ ፍተሻ ያስፈልጋል፣ እሱም በሁለት ጎረቤት ቀዳዳዎች መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት ነው። በሒሳብ አውታር ይባላል፦

```
አውታር = ዲያሜትር × sin(180° ÷ የቀዳዳ ብዛት)
114.3 × sin(36°) = 67.184
```

ከሰንጠረዡ ቀዳዳ 3 እና 4ን ውሰዱ። ከፍታቸው አንድ ስለሆነ ርቀታቸው 33.592 + 33.592 = 67.184 ነው። ገጠመ።

ይኸው ፍተሻ ሌላ ታዋቂ ስህተትም ይይዛል። ካልኩሌተራችሁ በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን ሁኔታ ላይ ከሆነ cos(90) ዜሮ መሆኑ ቀርቶ −0.448 ይላችኋል። የሚገርመው፣ እንዲህ የተሳሳቱት ቀዳዳዎችም ያው ክብ ላይ ናቸው የሚያርፉት፤ ከማዕከሉ ቢለኩ 57.15 ናቸው። ክቡ ላይ ግን ቦታቸው ተዘበራርቋል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት cos(60) ብላችሁ ጻፉ፤ 0.5 ካልመጣ ሁኔታውን ቀይሩ። ኤክሴል ደግሞ ሁልጊዜ የሚያስበው በራዲያን ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ይጻፋል፦

```
=57.15*COS(RADIANS(162))
```

ከበሱ በኋላ

ቀዳዳዎቹ ሁሉ ስፋታቸው 12 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በካሊፐር መሃል ለመሃል መለካት ያስቸግራል፤ መሃሉ ባዶ ነዋ። ስለዚህ በሁለት ጎረቤት ቀዳዳዎች መካከል የቀረውን ብረት ለኩ፤ 55.18 ገደማ መሆን አለበት። የአንድ ቀዳዳ ስፋት፣ ማለትም 12 ስትጨምሩበት 67.18 ይሆናል። አምስቱንም ክፍተቶች ለኩ።

አምስቱም ልክ ከሆኑ ሥራው አለቀ ማለት ነው? አይደለም። ማሽኑ ላይ ዜሮ ያላችሁት ቦታ ከላሜራው የመሃል ቀዳዳ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢርቅ፣ አምስቱም ቀዳዳዎች አብረው ይንሸራተታሉ። እርስ በርሳቸው ያላቸው ርቀት ግን ፍጹም ትክክል ሆኖ ይቆያል። ቀመሩ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ማዕከሉን የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። የሚታወቀው ከመሃል ቀዳዳው ጠርዝ እስከ እያንዳንዱ የብሎን ቀዳዳ ጠርዝ ስትለኩ ነው። አምስቱ ርቀቶች እኩል ካልሆኑ ስህተቱ ከስሌቱ ሳይሆን ከማዕከሉ ነው።

በተቃራኒው መሄድ

አሁን ቁጥር ያልተጻፈበት ባለ አምስት ቀዳዳ ቸርኬ ቢመጣላችሁ መለየት ትችላላችሁ። አውታሩን ለክታችሁ ለ0.5878 አካፍሉት፤ ይህ የ36 ዲግሪ ሳይን ነው። 67.2 ብታገኙ 67.2 ÷ 0.5878 = 114.3 ነው።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም የሚያሳየው ባለ አራት ቀዳዳ ቸርኬ ነው። የድሮዋ ላዳ 4×98 ናት፤ ብዙዎቹ የድሮ ኮሮላዎች ደግሞ 4×100። ሁለቱን ቸርኬዎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በዓይን መለየት ያዳግታል። የጎረቤት ቀዳዳዎች ርቀት ግን በአንዱ 69.3 በሌላው 70.7 ነው፤ ካሊፐር በቀላሉ ይለያቸዋል። የ98ቱን ቸርኬ የ100 ብሎኖች ላይ በግድ ብታስገቡ እያንዳንዱ ቀዳዳ በ1 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል። ዳዶው የሚጠብቅ ይመስላል፤ ነገር ግን መቀመጫው ላይ በሙሉ አያርፍም፣ ብሎኑንም ወደ ጎን ይገፋዋል። እንዲህ የታሰረ ዳዶ በጉዞ ላይ ቀስ በቀስ ይላላል። ጎሚስታው መለኪያውን የፈለገው ዳዶ ማጥበቅ ሳይጀምር ይህን ለማወቅ ነው።