ደብተሩን የማያነሳ «እንኳን ደስ አለሽ»

መርካቶ እህል በረንዳ አንድ የጤፍ ነጋዴ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። ሱቁ ከጣሪያው በታች እስከ ደጃፉ በኩንታል ተደርድሯል፤ ወዛደሮች ይጭናሉ፣ ያወርዳሉ። ሰውየው ግን ሚዛኑን ለልጁ ትቶ የሚጽፈው ጠፍቶታል። ለ11 ዓመት ጤፍ ሲያቀርብላት የኖረች እንጀራ ጋጋሪ በሚመጣው ሐሙስ ሁለተኛ ቤት ልትከፍት ነው። ደውሎ ደስታውን ነግሯታል። አሁን የሚቀር፣ ልጆቿም የሚያነቡት ነገር በጽሑፍ ሊልክላት ፈልጓል። ነጋዴውም ጋጋሪዋም እዚህ ለምሳሌ የተሳሉ ናቸው፤ እንደነሱ ያሉ ሰዎች ግን ገበያውን ሞልተውታል።

መልእክቱ ቀላል ይመስላል። አስቸጋሪ የሚያደርገው የሁለቱ ግንኙነት ነው። በአማርኛ «ደንበኛ» የሚለው ቃል በሁለቱም በኩል ይሠራል፦ ሻጩም ገዢዋን «ደንበኛዬ» ይላል፣ ገዢዋም ሻጩን። ዘመድ አይደሉም፤ ሆኖም ለቅሶ ይደራረሳሉ። ጓደኛም አይደሉም፤ በመካከላቸው የዱቤ ደብተር አለ። እንኳን ደስ አለሽ የሚለው ሰው ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ቤቷ ሁለት ሲሆን የእሱም ሽያጭ ይጨምራል። ይህን እሷም ታውቃለች። ስለዚህ መልእክቱን ስታነብ ሳታስበው የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ደስ ያለው ለእኔ ነው ወይስ ለሚሸጠው ጤፍ?

የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈለት ሒሳብ የሚይዝለት ልጁ ነበር። እንዲህ ይላል፦ «ክብርት ወይዘሮ፣ ድርጅትዎ ሁለተኛ ቅርንጫፉን በመክፈቱ የተሰማንን ልባዊ ደስታ እየገለጽን፣ በቀጣይም ጥራቱን የጠበቀ ምርት በተመጣጣኝ ዋጋ ለማቅረብ ዝግጁ መሆናችንን እናረጋግጣለን። ያለፈውን ቀሪ ሒሳብ በተመለከተ በሚመችዎ ጊዜ ቢያነጋግሩን።»

ልጁ ያጠፋው ከትህትና አይደለም። ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጻፈው ብሎ ነው። አባትየው ግን አንብቦ ሳቀ፣ ከዚያም ተቆጣ። 11 ዓመት «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው ድንገት «እርስዎ» ቢላት ክብር ሆኖ አይሰማትም። ምን አስቀየምኩት ብላ ታስባለች። በተቃራኒው እሷ «ጋሼ» እያለች በ«እርስዎ» የምታነጋግረው በዕድሜ ስለሚበልጣት ነው፤ ያም በጽሑፍ እንዳለ ይቀጥላል። ደንቡ አጭር ነው፦ በሱቁ ደጃፍ የምትጠራበት ስም በመልእክቱም ላይ መጠሪያዋ ነው።

«ሁለተኛ ቅርንጫፍ» የሚለውም ያደናግራል። የመጀመሪያው ቤት ዋናው ከሆነ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ማለት ሦስተኛ ቤት ሊሆን ይችላል። ለአንዳንዱ ሰው ይህ ጥቃቅን ነገር ነው፤ አንዱን ቤት ለመክፈት ስንት ዓመት ቆጣቢ ሆና ለኖረች ሴት ግን ቁጥሩን መሳት ቀላል ስህተት አይደለም። «ሁለተኛው ቤትሽ» ቢባል ጥያቄ የለውም።

ትልቁ ጥፋት ግን የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። አዲስ ቤት የምትከፍት ሰው እጇ የሚያጥረው በዚያው ሰሞን ነው። የወራት ኪራይ በቅድሚያ ከፍላለች፣ ምጣዶች ገዝታለች፣ ቆጣሪ አስገብታለች፣ አዲስ የቀጠረቻቸው ሴቶች ደግሞ ቤቱ ገና ደንበኛ ሳያፈራ ደመወዝ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዱቤው ከወትሮው ቢረዝም አይገርምም። ነጋዴው ይህን ያውቃል፤ መጨነቁም አግባብ ነው። ጭንቀቱን የሚነግርበት ቦታ ግን ሌላ ነው፦ ሌላ ቀን፣ ፊት ለፊት፣ ደብተሩ ተከፍቶ። ሒሳብ ከገባበት መልእክቱ የምርቃት ሽፋን ያለው የዕዳ ማስታወሻ ይሆናል።

ወደ ሌላው ጫፍ መሄድም አደጋ አለው። ደስታው ያጋለው ነጋዴ «የፈለግሽውን ያህል ውሰጂ፣ ዋጋውም በዛሬው ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አሁን ታኅሣሥ ነው። አዲሱ ጤፍ ከአውድማ እየገባ ስለሆነ ገበያው አብዛኛውን ጊዜ የሚረጋጋበት ወቅት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ጎተራው ይጎድላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ዋጋው ይወጣል። ያን ጊዜ ነጋዴው አዲሱን ዋጋ ሲነግራት መልእክቱ ስልኳ ላይ አለ። ከፍታ ባታሳየው እንኳ ታስታውሰዋለች። በደስታ ቀን የተጻፈ የዋጋ ቃል በክረምት ሁለቱንም ያጣላል።

ታዲያ ምን ይጻፍ? ከመጋረጃ ሰፊው፣ ከአከራዩ፣ ከጎረቤቱ የሚለየው ጤፍ አቅራቢው ብቻ የሚያውቀው ነገር ነው። ሌላው ሰው አዲሱን ቤት ያያል። እሱ ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ኩንታል ያውቃል።

ያ ግማሽ ኩንታል ሰርገኛ ነበር፤ ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት ጤፍ። ወሰደችው፣ አስፈጭታ ሞከረችው፣ በሁለተኛው ሳምንት የቀረውን አስጭና መለሰችው። «ውሃ አያነሳም» አለች። በእንጀራ ሥራ ይህ ትልቅ ቃል ነው። ውሃ የሚያነሳ ዱቄት ሊጡ ይበረክታል፤ ከዚያው ኪሎ ብዙ እንጀራ ይወጣል። ውሃ የማያነሳው ቶሎ ይቀጥናል፣ እንጀራው ይሳሳል፣ ትርፉም ይጠፋል። ነጋዴው ያን ቀን ተናዶ ነበር፤ አዲስ ገዢ ጤፍ ስትመልስበት ማን ደስ ይለዋል? በኋላ ግን ከዚያው ጭነት ሌሎችም ቅሬታ ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ ከምንጃር የሚመጣውን ነጭ ይለይላት ጀመር።

ይህ ታሪክ በመልእክቱ ውስጥ ቢገባ ምርቃቱ የማንም ሊሆን አይችልም። ከዚህ የሚከተለውም የማስታወቂያ ወሬ አይደለም። ሁለት ቤት ያላት ጋጋሪ የምትፈራው ሁለቱ እንጀራ እንዳይለያዩ ነው። እርሾውን ከመጀመሪያው ቤት ይዛ ትሄዳለች፤ ከቦካው ሊጥ ላይ የሚንሳፈፈው ቢጫ ውሃ በጀሪካን ተሞልቶ ወደ አዲሱ ቤት ይጓዛል። ጤፉ ግን ከሌላ አገር ከመጣ እርሾው አንድ ቢሆንም የሚጠይቀው ውሃ ይለያያል፤ የለመደችው ልክ ይፈርሳል። ስለዚህ «ከዚያው ከምንጃሩ እልካለሁ» የሚለው አጭር ቃል ከአሥር የደስታ መግለጫ ይበልጥ ይጠቅማታል። ዋጋ አይጠቅስም፣ መጠንም አይጠቅስም። ሊፈጽመው የሚችለውን ብቻ ነው የሚናገረው።

ስጦታውም ነበር። መጀመሪያ ያሰበው በግ መላክ ነበር፤ ሚስቱ ናት የያዘችው። ወቅቱ የነቢያት ጾም ነው፤ ጋጋሪዋ ጿሚ ናት። የምርቃት በግ ደጃፏ ላይ ታስሮ ገና እስኪደርስ ሊቆይ ነው። እሱ ሙስሊም ስለሆነ ጾሙ ከአእምሮው ወጥቶ ነበር። በመጨረሻ አንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ ወሰነ፣ ስሙንም «ማሟሻ» አለው። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ታሽቶ፣ ተግሎ፣ እንጀራው መጣበቁን እስኪተው ድረስ ይሟሻል፤ በዚህ ጊዜ የሚበላሸው ሊጥ የማንም ሒሳብ አይደለም። ቃሉን የመረጠው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ሃይማኖታቸው በሚለያይ ደንበኞች መካከል «ፈጣሪ» የሚለው ስም ለሁለቱም ይስማማል፤ አንዳንዱ ደግሞ ገበያውን ብቻ ይመርቃል። እሱ ሁለተኛውን መረጠ።

የጽሑፉ ርዝመትም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ የስልክ አጭር መልእክት የሚሸከመው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሆሄ ሁለት ባይት ስለሚወስድ 70 ላይ ያበቃል፤ ክፍተቱም ነጥቡም ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ መልእክቱ በ67፣ በ67 ተቆርጦ ይላክና ተቀባዩ ስልክ ላይ ይገጣጠማል። ብዙ ጊዜ ያለችግር ይደርሳል፤ አንዳንዴ ግን አንዱ ቁራጭ ይዘገያል። የልጁ ረቂቅ ከመቶ ሃምሳ በላይ ሆሄ ነበረው፤ መጨረሻው ብቻ ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ የምታነበው «በሚመችዎ ጊዜ ቢያነጋግሩን» የሚለውን ነበር።

ዓርብ ማታ የተላከው ይህ ነው፦

«እህቴ፣ እንኳን ለሁለተኛው ቤት አበቃሽ። ያን ጊዜ ግማሽ ኩንታል ሰርገኛ ወስደሽ ጤፉ ውሃ አያነሳም ብለሽ ስትመልሺው ተናድጄ ነበር። ዛሬ ላይ ሳየው ልክ ነበርሽ። ለአዲሱም ቤት ከዚያው ከምንጃሩ ነጭ እልካለሁ። ማክሰኞ የሚመጣው አንድ ኩንታል ማሟሻ ነው፣ ደብተር ውስጥ አይገባም። ገበያው ይድራልሽ።»

ከ190 ሆሄ አይበልጥም፤ በሦስት ቁራጭ ይሄዳል። ኩንታሉን በግልጽ «ደብተር ውስጥ አይገባም» ማለቱ አስፈላጊ ነበር፤ ካልተባለ ስጦታው ይሁን በዱቤ የመጣ ጭነት አይለይም፣ ጠይቆ ማጣራቱም ያሳፍራል። አንድ ነገር ሆን ብሎ ትቷል፦ ልጁ በአዲሱ ቤት በር ላይ የሱቃቸውን ስም የያዘ ትልቅ ባነር እንሰቅላለን ብሎ ነበር። ጋጋሪዎች ጤፋቸውን ከየት እንደሚያመጡ ለተፎካካሪ ማሳየት አይወዱም፤ ባነሩ ሳያስፈቅዱ ቢሰቀል ደስታው የሻጩ ብቻ ይሆናል።

መልእክቱ ግን አንድ ስህተት ነበረበት። እህል ሸጦ የኖረ ሰው እንኳ የምጣዱን ቀን አቆጣጠር ሊስት ይችላል። መልሷ ከሰዓታት በኋላ መጣ፦

«አሜን ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ያቺን ሰርገኛ እስከዛሬ አልረሷትም? ልጆቼ ሳቁብኝ። ማክሰኞ ግን ለሐሙስ አይደርስልኝም፤ ይበጠራል፣ ይፈጫል፣ ሦስት ቀን ይቦካል። ነገ ቢልኩልኝ ሰኞ አቦካዋለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ኩንታሉ ተጭኖ ወጣ። በደብተሩ ላይ ምንም አልተጻፈም።