የሞላ የጎግል ማከማቻ፦ ቦታ የያዙ ፋይሎችን ከሪፖርቱ መለየት

ጎግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታ ለጂሜይል፣ ለድራይቭና ለፎቶዎች በጋራ የሚያገለግል ነው። ኮታው ሲያልቅ ጂሜይል አዲስ መልእክት መቀበል ያቆማል፤ ከአሠሪ ወይም ስለ መኖሪያ ፈቃድ የተላከ ደብዳቤም ወደ ላኪው ይመለሳል።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ ኢሜይሎችን አንድ በአንድ መሰረዝ ይጀምራሉ። ይሁን እንጂ አንድ ተራ ኢሜይል 50 ኪሎባይት ቢይዝ፣ 1,000 ኢሜይሎች ተሰርዘው የሚለቀቀው 50 ሜጋባይት ብቻ ነው። አንድ የ4 ጊጋባይት የሠርግ ቪዲዮ ግን የ80,000 ኢሜይሎችን ቦታ ይይዛል።

ስለዚህ በቅድሚያ one.google.com/storage የተሰኘውን ገጽ ከፍቶ ከሦስቱ አገልግሎቶች ብዙውን ቦታ የያዘው የትኛው እንደሆነ መመልከት ይገባል። ድራይቭ ከሆነ፣ drive.google.com/drive/quota ፋይሎችን ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሮ ያሳያል። ጂሜይል ከሆነ ደግሞ በመፈለጊያው ሳጥን የሚከተለው ይጻፋል፦

```
larger:10M older_than:2y
```

ይህም ከ10 ሜጋባይት በላይ የሆኑና ሁለት ዓመት ያለፋቸውን መልእክቶች ለይቶ ያወጣል። ሆኖም አሮጌ ሁሉ አላስፈላጊ አይደለም፤ የሥራ ውልና የፓስፖርት ቅጂ ከመካከላቸው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ከመሰረዝ በፊት ወደ ኮምፒውተር ማውረድ ያሻል።

ከተሰረዘ በኋላ የሪፖርቱ አኃዝ ካልቀነሰ ምክንያቱ በአብዛኛው የቆሻሻ መጣያው ነው። በጂሜይልና በድራይቭ የተሰረዘ ነገር እስከ 30 ቀን በዚያ ይቆያል፤ መጣያው እስኪጸዳ ድረስም ከኮታው መቆጠሩ አይቀርም።