የሁለተኛው ፈተና ዋጋ

አሜሪካ ውስጥ በነርስነት ለመሥራት ትምህርት ቤት መጨረስ ብቻውን አይበቃም፤ ኤንክሌክስ የሚባለውን የፈቃድ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያም ሆነ በዳላስ ከሚኖሩ አበሾች መካከል ይህን ፈተና የወሰደ ወይም እያጠናለት ያለ ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ያለፈ ሰው ይደገስለታል። የወደቀ ግን ከቤተሰቡ ሳይቀር ይደብቀዋል። ስለዚህም ከወደቁ በኋላ ያለውን መንገድ፣ ማለትም መቼ ተመልሶ መቀመጥ እንደሚቻልና ስንት እንደሚያስወጣ፣ አብዛኛው ሰው የሚማረው ራሱ ላይ ሲደርስ ነው።

ወጪው አንዳንዴ ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ይጀምራል። ተፈታኞች "የፒርሰን ቪዩ ዘዴ" የሚሉት ነገር አለ። ፒርሰን ቪዩ ፈተናውን የሚያካሂደው ድርጅት ነው። ተፈታኙ ከፈተና እንደወጣ በድርጅቱ ገጽ ላይ እንደገና ለመመዝገብ ይሞክራል፤ ገጹ ከከለከለው "አልፌያለሁ"፣ ካርዱን ከተቀበለው "ወድቄያለሁ" ብሎ ይተረጉማል። የፈተናው ባለቤት የሆነው የነርሶች ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት ግን ይህን እንደ ውጤት አይቆጥረውም። ካርዱ ካለፈ ደግሞ የ200 ዶላር የምዝገባ ክፍያ ተቆርጧል፤ ክፍያው አይመለስም። በብዙ ግዛቶች ከሁለት የሥራ ቀናት በኋላ ኢመደበኛውን ውጤት በ7.95 ዶላር ማየት እየተቻለ በ200 ዶላር መጠንቆል ለእኔ አይገባኝም።

ውድቀቱ ከተረጋገጠ በኋላ የመጀመሪያው ሕግ የ45 ቀን ጥበቃ ነው። በሁለት ፈተናዎች መካከል ቢያንስ 45 ቀን ማለፍ አለበት፤ በዚህ ስሌት አንድ ሰው በዓመት እስከ ስምንት ጊዜ ሊቀመጥ ይችላል። ይህ ግን ዝቅተኛው ገደብ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው የየግዛቱ የነርሶች ቦርድ ስለሆነ የራሱን ጥብቅ ሕግ ሊጨምር ይችላል። ፍሎሪዳ ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው ቦርዱ ያጸደቀውን የማካካሻ ኮርስ ሳይወስድ እንዲቀመጥ አትፈቅድም። ቴክሳስ ደግሞ ትምህርቱን ከጨረሰ በአራት ዓመት ውስጥ እንዲያልፍ ትጠይቃለች። ስለዚህ የሚጠየቀው ቀድሞ የወደቀ ጓደኛ ሳይሆን የሚያመለክቱበት ግዛት ቦርድ ነው፤ ጓደኛው በሌላ ግዛት ተፈትኖ ሊሆን ይችላል።

በኮምፒውተር ሙያ የሚሰጡት የምስክር ወረቀት ፈተናዎች ሕጋቸው ከዚህ ይለያል። አማዞን 14 ቀን ያስጠብቃል፣ ሲስኮ አምስት ቀን። ኮምፕቲያ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ሙከራ ምንም አያስጠብቅም፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ግን 14 ቀን ይጠይቃል። ሁሉም በየሙከራው ያስከፍላሉ። ጥበቃው አጭር በሆነ ቁጥር በንዴት በማግስቱ ተመልሶ የመመዝገብ ፈተናው ይበረታል። ከዚህ አንጻር የኤንክሌክስ 45 ቀን ሰውን ከገዛ እልኹ ይጠብቀዋል ማለት ይቻላል።

ችግሩ ብዙዎች 45 ቀኑን እንደ ጥናት ጊዜ መቁጠራቸው ነው። "በ46ኛው ቀን እቀመጣለሁ" ይላሉ። ቁጥሩ ግን የተፈታኙን ድክመት አያውቅም። ስንት ሳምንት ማጥናት እንደሚያስፈልግ የሚጠቁሙ ሁለት ማስረጃዎች አሉ፤ ሁለቱም የወደቀ ሰው እጅ ይገባሉ።

የመጀመሪያው ፈተናው በስንተኛው ጥያቄ ላይ ቆመ የሚለው ነው። ኤንክሌክስ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ አያቀርብም። ኮምፒውተሩ ተፈታኙ ሲመልስ ከበድ ያለ፣ ሲስት ቀለል ያለ ጥያቄ እያመጣ ችሎታው ከማለፊያው መስመር በላይ ይሁን በታች ይለካል። ለነርሶች በሚሰጠው ፈተና ትንሹ የጥያቄ ብዛት 85፣ ትልቁ 150፣ ጊዜው አምስት ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ በ95 በመቶ እርግጠኛ ሲሆን ያቆማል። ስለዚህ በ85ኛው ጥያቄ ቆሞበት የወደቀ ሰው ከመስመሩ በግልጽ ዝቅ ብሎ ነበር ማለት ነው። እስከ 150 የሄደው ግን መስመሩ አካባቢ ሲዋዥቅ ቆይቷል፤ ኮምፒውተሩ እስከ መጨረሻው መወሰን አልቻለም። ሁለቱም "ወድቀዋል" ቢባሉም የሚያስፈልጋቸው የጥናት ጊዜ አንድ አይደለም።

ሁለተኛው ማስረጃ ለወደቁ ብቻ የሚሰጠው የውጤት ዝርዝር ነው፤ ተፈታኞች ሲፒአር ይሉታል። የፈተናውን ስምንት የይዘት ክፍሎች ይዘረዝርና በእያንዳንዱ ተፈታኙ ከማለፊያው መስመር በላይ፣ አጠገብ ወይም በታች እንደነበረ ይናገራል። ይህን ወረቀት በንዴት ቀዶ የሚጥል አለ፤ በ200 ዶላር የተገዛ ምርመራ መሆኑን ረስቶ። ሲነበብ ደግሞ ክፍሎቹ እኩል ክብደት እንደሌላቸው ማስታወስ ያስፈልጋል። የእንክብካቤ አመራር የሚባለው፣ ማለትም የትኛው በሽተኛ ይቅደም፣ የትኛው ሥራ ለረዳት ይሰጥ የሚለው ክፍል፣ ከጥያቄዎቹ ከ15 እስከ 21 በመቶ ይይዛል። የመድኃኒት ክፍሉም ትልቅ ነው። በእነዚህ ሁለቱ "በታች" የተባለ ሰው ሌሎቹን ትንንሽ ክፍሎች ቢያሻሽልም ብዙ አያተርፍም።

አሁን ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር፣ ነርሲንግ ጨርሳ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በሲኤንኤነት የምትሠራ አንዲት እህት እንበል። በሰዓት 20 ዶላር ይከፈላታል፤ በሳምንት 40 ሰዓት ትሠራለች። የካቲት ወር መገባደጃ፣ በፈረንጅ ማርች 3 ተፈትና ወደቀች። 45ኛው ቀን ኤፕሪል 17 ነው። በ85ኛው ጥያቄ ላይ ነው የቆመባት፤ ሲፒአሯም በእንክብካቤ አመራርና በመድኃኒት "በታች" ይላል። እንግዲህ ኤፕሪል 17 ለእሷ ትክክለኛ ቀን አይደለም። ሁለት ሳምንት አርፋ፣ ማርች 17 ጀምራ ዘጠኝ ሳምንት ብታጠና ሜይ 19 ላይ ትደርሳለች።

ለፒርሰን ቪዩ 200 ዶላር ትከፍላለች። ለቦርዱ የድጋሚ ማመልከቻ 100፣ ለጥያቄ ባንክ ምዝገባ ማራዘሚያ 200 እንያዝላት፤ እነዚህ ሁለቱ እንደ ግዛቱና እንደ ድርጅቱ ይለያያሉ። እስካሁን 500 ዶላር ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ሳምንታት በየሳምንቱ አንድ የስምንት ሰዓት ሺፍት ትታ ለማጥናት ብትወስን ግን በሳምንት 160፣ በጠቅላላው 1,440 ዶላር ታጣለች። የፈተናውን ዋዜማና ዕለቱን ደግሞ ካልሠራች 320 ይጨመራል። ድምሩ 2,260 ዶላር ሆነ። ሁሉም የሚያወራለት የ200 ዶላር ክፍያ ከዚህ አንድ አሥረኛ እንኳን አይሞላም።

ትልቁ ወጪ ጊዜ ከሆነ በጀቱም በዚያው መልክ መያዝ አለበት። 500 ዶላሩ በመጀመሪያው ወር በአንዴ የሚወጣ ነው፤ ይህን ለመጀመሪያው ፈተና ሲዘጋጁ ለብቻው ማስቀመጥ ይሻላል፤ ካለፉ ለድግሱ ይሆናል። የሺፍቱ ጉድለት ግን በየሳምንቱ የሚመጣ ነው። እሱን የሚሸፍነው የተቀመጠ ገንዘብ ሳይሆን የተቀነሰ ወጪ ወይም ወራፊ እቁብ ነው። እቁብ የምትጥል ከሆነ ዕጣዋ በጥናቱ ሳምንታት ውስጥ እንዲደርሳት ዳኛውን አስቀድማ መጠየቅ ትችላለች። ሁሉንም ሺፍት እየሠሩ ሌሊት ማጥናትም አለ፤ ወጪ የሌለው ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ሦስተኛ ምዝገባ ያመጣል።

"ታዲያ መዘግየቱስ አያስከፍልም?" ለሚል፣ አዎ ያስከፍላል። ነርስ ስትሆን በሰዓት 38 ዶላር የሚከፈላት ከሆነ በ40 ሰዓት ሳምንት ልዩነቱ 720 ዶላር ነው። ፈተናውን ከኤፕሪል 17 ወደ ሜይ 19 ስትገፋው ከአራት ሳምንት ተኩል ትንሽ የበለጠ ጊዜ ትታገሳለች፤ ይህም ወደ 3,300 ዶላር ያህል የወደፊት ገቢ ነው። ተቻኩላ ዳግም ብትወድቅ ግን ሌላ 45 ቀን መጠበቅ አለባት፤ እሱ ብቻውን ከ4,600 ዶላር ይበልጣል፣ አዲሱ ምዝገባና ጥናት ሳይቆጠር። በ150 ጥያቄ ላይ ለወደቀች ጓደኛዋ ሒሳቡ ሊገለበጥ ይችላል፤ ያቺ መስመሩ አጠገብ ስለነበረች አምስትና ስድስት ሳምንት ሊበቃት ይችላል፣ ከዚያ በላይ መቆየት ያጠናችውን ያስረሳታል።

ምዝገባው መቼ ይደረግ የሚለው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ለቦርዱ አመልክቶ፣ ለፒርሰን ቪዩ ከፍሎ፣ ቦርዱ ብቁነቱን ሲያረጋግጥ የመፈተኛ ፈቃድ በኢሜይል ይላካል። የፈቃዱ ዕድሜ እንደ ግዛቱ ይለያያል፤ ወደ 90 ቀን የሚጠጋው የተለመደ ነው። አይራዘምም። ቀኑ ካለፈበት እንደገና መመዝገብና 200 ዶላር መክፈል ነው። ለእህታችን ፈቃዱ ማርች 24 ቢደርሳትና 90 ቀን ቢሰጣት እስከ ጁን 22 ጊዜ አላት፤ ሜይ 19 ላይ ዝግጁ ካልሆነች ለመግፋት አንድ ወር ያህል ይተርፋታል። ቀን መቀየር ከፈተናው 24 ሰዓት በፊት ከሆነ አያስከፍልም። ከዚያ በኋላ ከሆነ ክፍያው ጠፋ። የአሜሪካ ፈቃድ ፈልጎ ከአሜሪካ ውጭ ባለ ማዕከል ለሚፈተን ደግሞ በየሙከራው 150 ዶላር ይጨመራል፤ ጉዞውና ማረፊያው ሌላ ነው።

ሥራ ቀድሞ የቀጠረው ሰው ለአለቃው ወዲያው መናገር አለበት። ብዙ ሆስፒታሎች አዲስ ተመራቂ ሲቀጥሩ እስከዚህ ቀን ድረስ ፈቃድ አምጣ ይላሉ፤ አስቀድሞ ከተነገራቸው ወደ ሚቀጥለው ዙር ሊያዛውሩት ይችላሉ። በአንዳንድ ግዛቶች ደግሞ ለተመራቂ የሚሰጠው ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ በመውደቁ ቀን ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በነርስነት መሥራት ሕግ መጣስ ነው።

አበሻን በተለይ የሚነካ አንድ ነገር ቀረ፤ ስም። በምዝገባው ላይ የተጻፈው ስም በመታወቂያው ላይ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት። የእኛ ስም በአንዱ ወረቀት ከነአያት፣ በሌላው እስከ አባት ብቻ ይጻፋል፤ "ገብረ" እና የተከታዩ ቃል አንዴ ተጣብቀው አንዴ ተለያይተው ይገኛሉ፤ ያገባችውም የባሏን ስም በአንዱ ቀይራ በሌላው ትተወዋለች። በፈተናው በር ላይ ስሙ ያልገጠመ ሰው ይመለሳል፤ ክፍያውም አይመለስለትም። በድጋሚ ሲመዘገቡ መንጃ ፈቃዱን ወይም ፓስፖርቱን ከፊት አስቀምጦ ፊደል በፊደል ማስተያየት፣ ካልገጠመም ቀኑ ሳይደርስ ለፒርሰን ቪዩ ደውሎ ማስተካከል ይቻላል።