ፎርጅዱ ካርድ የት ላይ ይያዛል?

«ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር የፈጠረው የካርታ ጨዋታ ነው። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሸጥ የቆየ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካርዶች የታተሙት ቤልጂየም ውስጥ፣ ካርታ ሙንዲ በተባለው ማተሚያ ቤት ነው። በ1994 «ሪቫይዝድ» በሚባለው እትም የወጣው «አንደርግራውንድ ሲ» ዛሬ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ከዚያው እትም የወጣ ተራ «ስዋምፕ» ግን ጥቂት ሳንቲም ነው የሚያወጣው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ወረቀታቸውና አስተታተማቸው ነው። ስለዚህ ውዱን ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ርካሹን ገዝቶ ቢያስቀምጥ ይሻላል፤ ካርድ የሚፈተነው ከታወቀ ዘመዱ ጎን ተቀምጦ ነውና።

ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው፤ ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው። የሪቫይዝድ ካርዶች ሲወለዱ ጀምሮ ፈዛዛ ናቸው። ሥዕላቸው ውኃ የነካው ይመስላል። ይህን የማያውቅ ሰው እውነተኛውን ደብዛዛ ካርድ ጥሎ ደመቅመቅ ያለውን ፎርጅድ ያነሣል። አንደርግራውንድ ሲን በዘመናዊ ካርድ ድምቀት መመዘን ፋይዳ የለውም፤ ሚዛኑ የዚያው እትም ስዋምፕ ነው። ሁለቱንም በአንድ መብራት ሥር ማየት ያስፈልጋል፤ የስልክ ፎቶ ቀለሙን በራሱ ስለሚያደምቀው አይታመንም። ደግሞም ፀሐይ የመታው ካርድ ይነጣል። ፊቱ ነጥቶ ጀርባው እንደነበረ ከሆነ፣ ጥፋቱ የመስኮት እንጂ የአታሚ ላይሆን ይችላል።

ከዚያ ሠላሳ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር ይወጣል። በኦፍሴት ማተሚያ የታተመ ሥዕል በመነጽሩ ሲታይ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነጥቦች ሆኖ ይበተናል። እያንዳንዱ ቀለም የሚታተመው በራሱ ማዕዘን ስለሆነ ነጥቦቹ ተደራርበው የአበባ ቅርጽ ይሠራሉ። የቤት ፕሪንተር የሚረጨው ቀለም ግን ሥርዓት የለውም፤ እንደ ብናኝ ተዘርቶ ነው የሚታየው።

ይበልጥ የሚናገሩት ግን በጽሑፍ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ጥቁር ፊደሎች ናቸው። እውነተኛው ካርድ ላይ ፊደሉ ድፍን ጥቁር ሆኖ ከነጥቦቹ በላይ ያርፋል፤ ጠርዙም ጥርት ያለ ነው። አስመሳዩ የታተመ ካርድ ስካን አድርጎ ከሆነ የሠራው፣ ፊደሉም እንደ ሥዕሉ ወደ ነጥብ ተለውጦ ጠርዙ ይሻክራል። ካርዱን ገልብጦ ጀርባው ላይ ካሉት አምስት ባለቀለም ክቦች አረንጓዴውን ማየትም ይቻላል። በውስጡ በእንግሊዝኛው L ቅርጽ የተደረደሩ አራት ቀይ ነጥቦች አሉ፤ ብዙ ፎርጅዶች እነዚህን ይስታሉ። የተካኑት አስመሳዮች ግን ፊደሉን እንደ አዲስ ስለው ነጥቦቹንም አስመስለው ያወጣሉ፤ ስለዚህ አንዱን ፈተና ማለፍ ብቻውን ነጻ አያወጣም።

አንዳንዴ ደግሞ መነጽሩ ምንም ላያገኝ ይችላል፤ እኔ ከሁሉ የምፈራው ይህንን ነው። በታኅሣሥ 1993 ኩባንያው «ኮሌክተርስ ኤዲሽን» የሚባል ስብስብ አወጣ። የፊት ገጹ ውድ ከሆነው የ«ቤታ» እትም ጋር አንድ ነው፤ ዝነኛውን «ብላክ ሎተስ» ጨምሮ። ልዩነቱ ማዕዘኖቹ ሹል መሆናቸው፣ ጀርባውም ወርቃማ ፍሬም ያለውና የስብስቡ ስም የተጻፈበት መሆኑ ነው። በይፋ ውድድር ስለማይፈቀድ ዋጋው ከቤታው እጅግ ያንሳል። አጭበርባሪው ይህን ካርድ ለሁለት ልጦ ፊቱን ይወስዳል። ከሌላ ርካሽ ካርድ ደግሞ ጀርባውን ልጦ ሁለቱን ያጣብቅና ማዕዘኖቹን ያዞራል። ፊቱ እውነተኛ ነው፤ ጀርባውም እውነተኛ ነው። አበባውም፣ ድፍኑ ፊደልም፣ አራቱ ቀይ ነጥቦችም በቦታቸው አሉ።

እንዲህ ያለው የሚያዘው በጠርዙ ነው። የካርዱ ወረቀት ሁለት ንጣፍ ሲሆን በመካከሉ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ማጣበቂያ አለ። ካርዱን አቁመው ጠርዙን በመነጽር ሲያዩት፣ እውነተኛው ላይ ያቺ ቀጭን መስመር ሳትቋረጥ ትሄዳለች። ተለጥፎ በተሠራው ላይ መስመሩ ይጠፋል ወይም ይወፍራል፤ አልፎ አልፎም የሙጫ ፍንጣቂ ወይም የተሰነጠቀ ስፌት ይታያል። ከታወቀ ካርድ ጋር ሲደራረብ ውፍረቱና የማዕዘኑ ክብነት አለመግጠሙም ያጋልጠዋል። የስልክ ባትሪ ከኋላ ሲበራበት ደግሞ ብርሃኑ እንደ እውነተኛው ሳይሆን ጎርበጥ ባለ መልኩ ያልፋል። ካርዱን አጥፎ መፈተን የሚባል የቆየ ልማድ አለ፤ እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ግን የተጎዳው የራስ ገንዘብ ነውና አልመክርም።

ችግሩ፣ ሻጮች ፎቶ የሚልኩት በፕላስቲክ መያዣ ውስጥ እንዳለ፣ ፊቱንና ጀርባውን ብቻ ነው። ገዢው ካርዱ ከመያዣው ወጥቶ አራቱም ጠርዞቹ በቅርብ እንዲነሡ ይጠይቅ፤ ብላክ ሎተስ የሚያህል ካርድ የያዘ ሻጭ ይህን ጥያቄ ሲሰማ የመጀመሪያው አይሆንም።