ክፉ ሕግ ሕግ ነው ወይ?

በሕግ ፍልስፍና ፈተና ላይ አጭር ምንባብ ይቀርብና «ጸሐፊው ከየትኛው ጎራ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ምንባቡ እንዲህ ይበል፦ «አዋጁ ጨካኝ ነበር። ሆኖም ሥልጣኑ ያለው አካል በደንቡ መሠረት ስላወጣው ሕግነቱ አያከራክርም። እኔ ግን አልታዘዘውም ነበር።»

ብዙ ተማሪ «ጨካኝ» እና «አልታዘዘውም» የሚሉትን ቃላት ያይና «የተፈጥሮ ሕግ» ብሎ ይመልሳል። ተሳስቷል። ጸሐፊው ፖዚቲቪስት ነው። ፖዚቲቪስት ሕግን መውቀስም ሆነ አለመታዘዝ አልተከለከለም። እሱ የሚለው፣ ሕጉ መኖሩ የሚታወቀው በአወጣጡ እንጂ በደግነቱ አይደለም ነው። የተፈጥሮ ሕግ ወገን ግን ሕግን ከፍትሕ ነጥሎ ማየት አይቻልም ባይ ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው በአንድ የጀርመን ጉዳይ ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. አንዲት ሴት ወታደር ባሏን ልትገላገለው ፈልጋ፣ ሂትለርን ተናግሯል ብላ ከሰሰችው። ሞት ተፈረደበት፤ ሳይገደል ወደ ጦር ግንባር ተላከ። ከጦርነቱ በኋላ እሷ ራሷ ተከሰሰች። መከላከያዋ አጭር ነበር፦ «ያደረግሁት በጊዜው በነበረው ሕግ ነው።»

እንግሊዛዊው ኸርበርት ሃርት በ1958 እንዲህ ሲል ተከራከረ፦ ሕጉ ክፉ ቢሆንም ሕግ ነበር፤ ሴትዮዋን መቅጣት ካስፈለገ ወደ ኋላ የሚሠራ ሕግ በግልጽ ይውጣ፣ እሱም ራሱ በደል እንዳለው አይሸሸግ። አሜሪካዊው ሎን ፉለር በዚያው ዓመት መለሰለት። ሕጎቹ በምሥጢር የሚወጡበት፣ ወደ ኋላ የሚሠሩበት፣ ዳኞችም ጽሑፉን እንደ ገዢው ፍላጎት የሚያጣምሙበት ሥርዓት፣ ሕግ ለመባል የሚያበቃው ነገር ጎድሎታል አለ።

ሃርት በያዘው ዘገባ መሠረት ፍርድ ቤቱ ሴትዮዋን የቀጣው የናዚን ሕግ ዋጋ የለሽ ብሎ ነበር። የባምበርግ ፍርድ ቤት የ1949 ውሳኔ በኋላ ሲመረመር ግን ሕጉን አልሻረም። ቢሆንም ክርክሩ ከጉዳዩ አልፎ ኖረ።

ለፈተናው የሚጠቅመው ፉለር ነው፤ የሚያደናግረውም እሱ ነው። ምንባቡ ስለ ፍትሕ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ስለ አዋጅ ግልጽነት፣ ስለ መታተሙና ወደ ኋላ አለመሥራቱ ብቻ ቢያወራ ፖዚቲቪስት ይመስላል። እነዚህ ሲጎድሉ «ያኔ ሕግ የለም» የሚል ከሆነ ግን የተፈጥሮ ሕግ ቤተሰብ ነው። በተቃራኒው «ሥርዓቱ ተበላሽቷል» ብቻ ብሎ ካቆመ ገና አልለየም።

ስለዚህ ምንባቡን ሲያነቡ ስሜት ያዘለውን ቃል ይለፉትና ጸሐፊው ለክፉው ሕግ «ሕግ» የሚለውን ስም ሰጠው ወይስ ነፈገው የሚለውን ብቻ ይፈልጉ። ይህን ካልነገረዎት ምንባቡ ጎራውን አልነገረዎትም፤ መልስዎም ይህንኑ ይግለጽ።