የሞያሌው መንዛሪ ሁለት ዋጋዎች

ሞያሌ ላይ ብርና ሽልንግ የሚመነዝር ሰው ሥራውን የሚጀምረው በስልክ ነው። አዲስ አበባ ዶላር በስንት ብር እንዳደረ፣ ናይሮቢ ኢስሊ ደግሞ በስንት ሽልንግ እንደዋለ ይጠይቃል። ዶላሩ እዚህ 117 ብር፣ እዚያ 130 ሽልንግ ከሆነ መቶ ሽልንግ 90 ብር ያወጣል። ከዚህ ዝቅ አድርጎ ይገዛል፣ ከፍ አድርጎ ይሸጣል፤ እንጀራው በመካከል ያለችው ልዩነት ናት።

ዋጋው በየሰዓቱ የሚቀያየረው ግን በስልክ ወሬ ብቻ አይደለም። ከብት የሸጡ ሰዎች ሽልንግ ይዘው ሲገቡ ሽልንግ ይረክሳል፤ ዕቃ ሊያመጡ የሚሻገሩት ሲበዙ ደግሞ ይወደዳል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ንግድ ባንክ ዶላርን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ከፍ አደረገው። በዚያ ሳምንት አንዲት የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ 37,000 ብር ይዛ ሞያሌ ገበያ ቆማለች እንበል፤ የምትፈልገው 40,000 ሽልንግ ነው። እሷንም ገበያው ላይ የሚጠሩላትን ዋጋዎችም የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ።

«ወንድሜ፣ መቶ ሽልንግ በስንት ትገዛለህ? በስንትስ ትሸጣለህ?» ስትል መንዛሪውን ጠየቀችው። ገዢ ትሁን ሻጭ ገና አልነገረችውም።

«በ89 እገዛለሁ፣ በ92 እሸጣለሁ፣ እትዬ።»

«አርባ ሺህ ይኖርሃል?»

«ለአሥሩ ሺህ በዚህ ዋጋ። ለቀሪው እንነጋገራለን።»

ሽልንግ እንዳጠረው ገባት። ሌሎች ዘንድ ጠያይቃ ምሳ ሰዓት ላይ ስትመለስ ዋጋው ተለውጧል፦ መግዣው 86፣ መሸጫው 95። በ95 ሒሳብ ብሯ 39,000 ሽልንግ እንኳ አይሞላላትም። እሷ ግን ያየችው መግዣውን ነው።

«ሽልንግ ከተወደደ ለምን ከሰው በ89 አትወስድም? መግዣህንም እኮ አወረድከው!»

ሁለቱም ዋጋዎች አብረው ቢወጡ ኖሮ ሽልንጉ በእርግጥ ተወዷል ማለት ነበር፤ ቶሎ መግዛት ይሻላት ነበር። አንዱ ወጥቶ ሌላው ሲወርድ ግን መንዛሪው ራሱ ዋጋውን አላወቀም፤ ክፍተቱን ያሰፋው ለስጋቱ መጠባበቂያ ነው። ስለዚህ ተከራክራ 20,000 ሽልንግ ብቻ በ93 ሒሳብ፣ በ18,600 ብር ወሰደች። የከብት ነጋዴዎቹ ሲገቡ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ቀሪውን በ91 አገኘች፤ 18,200 ብር። በድምሩ 36,800 ብር ሆነ፤ ልክ በጠዋቱ 92 እንደመነዘረች ማለት ነው።

ከብት ነጋዴዎቹ ባይመጡ ግን ትጎዳ ነበር። ፈቃድ ከሌለው ሰው ጋር መመንዘር ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል፤ ገንዘቡ ከተያዘ የተከራከረችበት ሳንቲም ሁሉ ዋጋ አይኖረውም። በዚያው ሐምሌ ከባንክ ውጭ ፈቃድ ያላቸው የምንዛሪ ቢሮዎች እንዲከፈቱ ተፈቅዷል። ወደ ድንበር የምትሄዱ ሁሉ መጀመሪያ እነሱን ፈልጉ፤ እዚያም ቢሆን ሁለቱንም ዋጋ ሳትጠይቁ ገንዘባችሁን አታውጡ።